ሽታ አልባው ሎሽን ከአንድ ወር በኋላ

ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ጠዋትና ማታ ሳላቋርጥ ስለተቀባሁት ሽታ አልባ ሎሽን «እንዴት አገኘሽው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በየተራ ከምመልስ፣ ያየሁትን ጽፌ ብልክላችሁ ይሻላል ብያለሁ። ጠርሙሱን በገዛ ገንዘቤ ነው የገዛሁት፤ ባለ 400 ሚሊ ሊትሩን 1,900 ብር ከፍዬበታለሁ፤ ስለዚህ ብወቅሰውም ባመሰግነውም የምፈራው ሰው የለም።

የደብረ ማርቆስን በጋ ታውቁታላችሁ፤ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ነው። በዚያ ላይ እኔ ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ይዤ እውላለሁ፤ ጠመኔው የእጄን ወዝ ይመጠዋል፣ እሱን ለማስለቀቅ ደጋግሜ የምታጠብበት ሳሙና ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። ኅዳር ላይ ቅልጥሜን በጥፍሬ ጫር ባደርገው እንደ ሰሌዳ ነጭ መስመር ይወጣበት ነበር። አምና ለዚሁ ችግር የገዛሁት የአበባ ሽታ ያለው ሎሽን አንገቴንና የክንዴን መታጠፊያ አቅልቶ፣ ለብልቦ፣ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኝ ስለነበር፣ የቆዳ ሐኪሙ ሽቶ ካለበት ቅባት ሁሉ እንድርቅ መክሮኛል። ይህን የገዛሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየሁም። በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ግን ማታ ማታ የሚነሣብኝ የቅልጥም ማሳከክ መጥፋቱን ያስተዋልኩት ከቀረ ከቀናት በኋላ ነበር፤ የሚያሳክክ ነገር ሲተው ሰው ቶሎ አያስታውሰውም። በወሩ መጨረሻ ያንኑ የጥፍር ሙከራ ስደግመው መስመሩ አልወጣም፤ በጣቶቼ መገጣጠሚያ ላይ የነበሩት ቀጫጭን ስንጥቆችም ገጥመዋል። አንድም ቀን አላቃጠለኝም፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

አቀባቡም ለውጥ ያመጣል። ደረቅ ቆዳ ላይ ስቀባው ከላይ ተንሳፍፎ ይቀርና የልብሴን አቧራ ይሰበስባል፤ ከታጠብኩ በኋላ በፎጣ አበስ አበስ አድርጌ፣ ቆዳዬ እርጥበቱን ሳይጨርስ ስቀባው ግን ግማሹ መጠን ይበቃኛል። በውስጡ ያለው ግሊሰሪን ውኃን የሚስብና የሚይዝ፣ ፔትሮላተሙ ደግሞ የተያዘው ውኃ እንዳይተን ከላይ የሚከድን በመሆኑ፣ የሚያዝ እርጥበት ሲኖር የተሻለ መሥራቱ አያስገርምም።

ሽታ አልባ ነው ሲባል ግን ምንም አይሸትም ማለት አይደለም፤ ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት የጠፋ ሻማ የመሰለ ስስ ሽታ አለው፤ እሱም ወዲያው ይጠፋል። እናቴ እጄን ይዛ አሽትታ «ይህን ሁሉ ብር ከፍለሽ ሽታ እንኳ የለውም?» ብላ አዝናብኛለች። እናንተም ስትገዙ በፊት ለፊቱ ጽሑፍ ብቻ አትርኩ፤ ሽታ የለውም ተብሎ የሚሸጥ አንዳንድ ቅባት የጥሬ ዕቃውን ሽታ የሚሸፍን ሽቶ የተጨመረበት ሊሆን ስለሚችል፣ ጠርሙሱን አዙራችሁ ከይዘቱ ዝርዝር ውስጥ ፓርፈም ወይም ፍራግራንስ የሚል ቃል አለመኖሩን ተመልከቱ።

አሁን ወደማልወድለት ልምጣ። ለፊት ይከብዳል፤ ለዐሥር ቀን ያህል ሞክሬው ግንባሬ ላይ ትንንሽ ሽፍታ ስላወጣብኝ ፊቴን መቀባት ትቻለሁ። የተረከዜን ንቃቃት ምንም አላደረገለትም፤ እሱን ያሻለኝ ማታ ቫዝሊን ቀብቶ ካልሲ አድርጎ መተኛት ነው፤ ይህ ደግሞ ከሎሽኑ ዋጋ ኢምንት ነው። ማዲያት ያጠፋል ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ አያጠፋም፤ ፀሐይም አይከላከልም፤ ስለዚህ ጥላዬን አልጣልኩም። የጠርሙሱ መግፊያ ደግሞ ከሎሽኑ ሩብ ያህሉ ሲቀር መሳብ አቁሞ ጠርሙሱን ሌሊቱን በአፉ ደፍቼ ለማሳደር ተገድጃለሁ።

ቆዳችሁ ሽቶ የማያስቆጣው ከሆነ 1,900 ብር አውጡ ብዬ አልመክራችሁም፤ ከመታጠብ በኋላ በእርጥብ ቆዳ ላይ ስስ አድርጋችሁ የምትቀቡት ቫዝሊን፣ ቅባትነቱን ከቻላችሁት፣ ለደረቅ ቅልጥም ይበቃል። እንደ እኔ በትንሹ የሚለበልባችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ዕቃ ይዛችሁ ቤት ብቅ በሉ፤ ከተደፋው ጠርሙስ ላካፍላችሁና ለሳምንት ያህል የክንዳችሁን የውስጥ ገጽ እየቀባችሁ ሞክሩት።