ዓረቦን ተከፍሎ ሳለ «አልተከፈለም» በሚል የተሰረዘ የመድን ውል እንዲመለስ የቀረበ አቤቱታ

ቀን፦ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመድን ድርጅቱ የውል አስተዳደር መምሪያ

ጉዳዩ፦ በቁጥር ተመ/2281/07 የተመዘገበው የተሽከርካሪ መድን ውል ሥረዛ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ተጽፎ ታኅሣሥ 10 ቀን የደረሰኝ ደብዳቤያችሁ፣ የእድሳት ዓረቦኑ እስከ መክፈያው ቀን እስከ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ስላልተከፈለ ውሉ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ መሰረዙን ይገልጻል። ይሁን እንጂ ዓረቦኑን በሙሉ የከፈልሁት ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም የመክፈያው ቀን ከመድረሱ አስቀድሞ በመሆኑ፣ ሥረዛው የተመሠረተበት ምክንያት ከእውነታው ጋር አይጣጣምም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያያያዝሁት የባንክ ደረሰኝ የማጣቀሻ ቁጥሩ 70418852 ሲሆን፣ የባንኩ ማኅተምና የገንዘብ ተቀባዩ ፊርማ አርፎበታል። የተከፈለው ገንዘብ እናንተ በላካችሁልኝ የክፍያ ማስታወቂያ ላይ ከተጠየቀው ጋር እስከ ሳንቲሙ እኩል ነው፤ ገቢ የተደረገበት ሒሳብም በዚያው ማስታወቂያ ግርጌ የታተመው፣ በ0417 የሚያበቃው የድርጅቱ ሒሳብ ነው። ደረሰኝ ብቻውን ገንዘቡ መድረሱን አያሳይም የሚል ጥያቄ እንዳይነሣ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን ከባንኩ የማረጋገጫ ደብዳቤ አውጥቻለሁ፤ ባንኩም ገንዘቡ በዕለቱ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ መግባቱንና እስከ አሁን ተመላሽ አለመደረጉን በጽሑፍ አረጋግጧል።

ችግሩ ከየት እንደመጣ የሚጠቁም ነገር በሰነዶቹ ላይ ይታያል። የሰረዛችሁት ውል ቁጥሩ በ07 ያበቃል፤ የክፍያ ማስታወቂያችሁ ላይ የታተመው ግን ያለፈው ዓመት ቁጥር፣ ተመ/2281/06 ነው። እኔም በደረሰኙ የክፍያ ምክንያት መስመር ላይ ያጻፍሁት ማስታወቂያው የሰጠኝን ቁጥር ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በአሮጌው ውል መዝገብ ውስጥ፣ አለዚያም ከፋያቸው ገና ባልተለየ ገቢዎች ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል ብዬ እገምታለሁ። ግምቴ ቢሳሳት እንኳ፣ ድርጅቱ ራሱ በመረጠው ሒሳብ የገባ ገንዘብ በየትኛው መዝገብ መያዝ እንዳለበት መለየት የድርጅቱ የውስጥ ሥራ ነው፤ የምዝገባው ጉድለት ከፋዩን ባለዕዳ አያደርገውም።

በተጨማሪም የውላችን አንቀጽ 9 ዓረቦን ሳይከፈል ሲቀር ድርጅቱ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስጠነቅቅና የ30 ቀን ጊዜ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ለእኔ የደረሰኝ የመጀመሪያው ጽሑፍ የሥረዛው ደብዳቤ ነው። ማስጠንቀቂያው በጊዜው ቢላክ ኖሮ ደረሰኙን ይዤ እቀርብና ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ታኅሣሥ 11 ቀን በቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችሁ ቀርቤ ባስረዳሁ ጊዜ የተሰጠኝ መልስ «ለጊዜው ድጋሚ ክፈሉና አዲስ ውል እንስጥዎት፣ የፊተኛው ሲገኝ ይመለስልዎታል» የሚል ነበር። ሠራተኛዋ በትሕትና ያስተናገዱኝ ቢሆንም ሐሳቡን ልቀበለው አልቻልሁም። አዲስ ውል ከተፈረመበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ስለሚሸፍን ከታኅሣሥ 3 ጀምሮ ያሉትን ቀናት ያለ ሽፋን ይተዋቸዋል፤ ለዓመታት ካሳ ባለመጠየቄ ያገኘሁት የዓረቦን ቅናሽም ሊቋረጥ ይችላል። ከዚህም ሌላ ወደፊት በየትኛውም መድን ሰጪ ዘንድ «ከዚህ በፊት ውል ተሰርዞብዎት ያውቃል?» ተብዬ ስጠየቅ፣ ባላጠፋሁት ጥፋት «አዎን» ብዬ ለመሙላት እገደዳለሁ።

ስለሆነም ገንዘቡ በማጣቀሻ ቁጥሩና በገባበት ቀን ተፈልጎ በ07 ውል ስም እንዲመዘገብልኝ፣ ሥረዛው ከመነሻው እንዳልተፈጸመ ተቆጥሮ ሽፋኑ ከታኅሣሥ 3 ቀን ጀምሮ ያለ አንዳች ክፍተት መቀጠሉ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልኝ፣ ቅናሹ ሳይነካ የሥረዛው ምልክት ከመዝገቤ እንዲነሣልኝ፣ ለማስመለሻ የሚጠየቅ የአገልግሎት ክፍያም እንዳይኖር እጠይቃለሁ። የደረሰኙን ዋና ቅጂ ለማመሳከር በፈለጋችሁበት የሥራ ቀን ይዤ እቀርባለሁ፤ ትቼው ግን አልሄድም።

ተሽከርካሪው በየዕለቱ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ መልሳችሁ ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አሳስባለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን ከነማስረጃው መድን ሰጪዎችን ለሚቆጣጠረው መንግሥታዊ አካል አቀርባለሁ፤ በመካከሉ ለሚደርስ ጉዳትም ውሉ ጸንቶ እንዳለ ቆጥሬ ካሳ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የውል ቁጥር ተመ/2281/07 መድን ገቢ

አባሪ፦ የባንክ ደረሰኝ ቅጂ፣ የባንኩ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ የክፍያ ማስታወቂያ ቅጂ እና የሥረዛው ደብዳቤ ቅጂ

ግልባጭ፦ ለድርጅቱ የፋይናንስ መምሪያ፣ ለደንበኞች ቅሬታ ሰሚ ክፍል