እንደገና የተጻፈው ድምዳሜ፦ የቀፊራና የከዚራ ታፔላዎች

እህቴ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽን አምስተኛ ምዕራፍ አንብቤ ጨረስኩ። አማካሪሽ ዳር ላይ «ይሄ መግቢያ ነው፤ መልሱስ?» ብለው የጻፉት እውነታቸውን ነው። ድምዳሜሽ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

«ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች፣ የበርካታ ብሔረሰቦች መኖሪያ የሆነች የንግድ ከተማ ናት። ማስታወቂያ ለንግድ ሥራ ወሳኝ ነው። የዚህ ጥናት ዓላማም በከተማዋ የንግድ ቤት ታፔላዎች ላይ ያለውን የቋንቋ አጠቃቀም መመርመር ነው።»

አቦ፣ ይሄን እኮ ምዕራፍ አንድ ላይ አንብበነዋል! የሚያስቆጨው መልሱ ምዕራፍ አራት ውስጥ ተቀብሮ መቅረቱ ነው። የታፔላ ሠሪዎቹ ቃለ መጠይቅ ብቻውን ወርቅ ነው። ስለዚህ ሦስቱን መሪ ጥያቄዎችሽን ፊቴ ዘርግቼ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ከራሴ የጨመርኩት መረጃ የለም።

5.2 ድምዳሜ

የመጀመሪያው መሪ ጥያቄ በሁለቱ የድሬዳዋ ሰፈሮች፣ በቀፊራና በከዚራ፣ ታፔላዎች ላይ የትኞቹ ቋንቋዎች ምን ቦታ እንደያዙ የሚጠይቅ ነው። በጥናቱ በታዩት ታፔላዎች አማርኛ በሁለቱም ሰፈሮች በብዛት ይገኛል። ሰፈሮቹ የሚለያዩት ከአማርኛው ጎን በሚቆመው ቋንቋ ነው። ከዚራ ላይ ፋርማሲው፣ ካፌውና ሆቴሉ እንግሊዝኛ ያስከትላሉ። ቀፊራ ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ዓረብኛ ይበዛሉ። ይሁን እንጂ ቀፊራ መሀል ገበያው ውስጥ ያሉ ትንንሽ ሱቆች አብዛኞቹ ታፔላ የላቸውም። «ደንበኛዬ ያውቀኛል» የሚል መልስ ከባለሱቆቹ በተደጋጋሚ ተሰምቷል። ስለዚህ ብዙ ቋንቋ የሚነገርበት ቦታ ብዙ ቋንቋ የሚጻፍበት ሆኖ አልተገኘም። የሰፈሩን የቋንቋ ስብጥር ከታፔላው ብቻ መገመት አይቻልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የታፔላውን ቋንቋና አጻጻፍ የሚወስነው ማን ነው የሚል ነው። ጥናቱ ሲጀመር ወሳኙ ባለንብረቱ እንደሆነ ታስቦ ነበር። ውጤቱ ይህን አይደግፍም። ባለንብረቱ የሚያዘው የሱቁን ስምና የሥራውን ዓይነት ነው፤ ያውም በቃል። የትኛው ቋንቋ ከላይ ይሁን፣ የትኛው ፊደል ይተልቅ፣ ትርጉሙ ምን ይሁን የሚለውን የሚወስነው ማስታወቂያ ቤቱ ነው። አንድ ታፔላ ሠሪ ኮምፒውተሩ ላይ የድሮ ሥራ ከፍቶ «ስሙን ብቻ ቀይሬ አወጣዋለሁ» ብሏል። በሦስት የተለያዩ ሱቆች ላይ አንድ ዓይነት የኦሮምኛ ግድፈት የተገኘውም ሦስቱም ከአንድ ፋይል ስለወጡ ነው። ከዚህ ውጭ የሆኑት ሁለት ናቸው፦ ታፔላቸው ከዋናው መሥሪያ ቤት ተዘጋጅቶ የሚመጣላቸው ባንኮች፣ እና ተማሪ ልጃቸው በወረቀት ጽፎ የሚሰጣቸው ባለሱቆች።

ሦስተኛው ጥያቄ የአማርኛው አጻጻፍ ከተለመደው ሥርዓት የት የት ላይ እንደሚለይ ይጠይቃል። ልዩነቱ በዋናነት በሁለት ቦታ ታይቷል፦ በሞክሼ ፊደላትና በውጭ ቃላት። «ህክምና» እና «ሕክምና» በአንድ ሕንጻ፣ ያውም በአንድ ፎቅ ላይ ተገኝተዋል። በእጁ ቀለም ቀብቶ የሚጽፈው ሠሪ የመረጠውን ፊደል አይለቅም። ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩት ግን ቶሎ የመጣላቸውን ይተይባሉ። ስለዚህ ልዩነቱን ካለማወቅ ብቻ የመጣ ማለት አይቻልም፤ የመጻፊያው መሣሪያም ድርሻ አለው። ይህ ልዩነት አንባቢውን ያደናግራል ወይ ለሚለው ግን ጥናቱ መልስ የለውም። ገዢዎች አልተጠየቁምና።

ከሦስቱ መልሶች የሚከተለው አንድ ነገር ነው። የታፔላ አጻጻፍን ለማሻሻል የሚሰጥ ሥልጠና ቢኖር መጀመሪያ መድረስ ያለበት ለማስታወቂያ ቤቶቹ ነው።

ድምዳሜው እዚህ ላይ ያበቃል።

የመጨረሻዋን አንቀጽ ልብ በያት። የመፍትሔ ሐሳብሽ «ለነጋዴዎች ሥልጠና ይሰጥ» ይላል። ከሁለተኛው መልስሽ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ ዲፌንስ ላይ መጀመሪያ የሚይዙሽ እሱ ላይ ነው። ቀይሪው። «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ» የምትለዋንም አውጫት። ማን ምን ያድርግ እንደሆነ አትናገርም።

«ውጤቱ ይህን አይደግፍም» ያልኩት ከከበደሽ አለስልሺው፤ እኔ ግን ባትነኪው ደስ ይለኛል። መነሻ ግምትሽ ስላልሠራ ማንም ነጥብ አይቀንስብሽም። የሦስቱን ሱቆች ፎቶ ደግሞ አባሪ ላይ አላየሁትም። ስልክሽ ላይ ካለ ዛሬውኑ አስገቢውና ቁጥሩን ሁለተኛው መልስ ላይ ጥቀሺ።