ከቅዳሜው የፍጥነት ልምምድ በፊት፦ የአንድ ምግብ ዕቅድ

የሰውነት ክብደት 60 ኪሎ። ልምምዱ 6 ጊዜ 1,000 ሜትር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። የመመገቢያ ጊዜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛው ዙር ላይ ሆድሽን ይዘሽ ስትቆሚ አቅም ያነሰሽ መስሎሽ ነበር። ማታ የላክሽልኝን የምግብ መዝገብ ሳነብ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። 50 ግራም አጃ፣ ሁለት እንቁላልና አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በልተሻል፤ ያውም ልምምዱ ሊጀመር 40 ደቂቃ ሲቀረው። ይህ ወደ 440 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። ለሌላ ሰዓት ጥሩ ምግብ ነው፤ ለዚያ ሰዓት ግን አልነበረም። ካርቦሃይድሬቱ 37 ግራም ያህል ብቻ ሲሆን ስቡ 21 ግራም ገደማ ነው። ስብ፣ ፕሮቲንና አሰር ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያሳልፍ ያዘገዩታል። ሩጫው ሲጠነክር ደግሞ ደም ከአንጀት ወደ እግር ጡንቻ ስለሚያዘነብል ያልተፈጨው ምግብ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ ቁርጠቱ የመጣው በመብላትሽ ሳይሆን በበላሽው ዓይነትና ሰዓት ነው፤ ይህን እንድትረጂልኝ አጥብቄ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ባዶ ሆድሽን ለመምጣት እንደምታስቢ አውቃለሁ።

ባዶ ሆድ አይሆንም። ሌሊት ስትተኚ ጉበት ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቸውን ስኳር እየለቀቀ የደምሽን ስኳር ሲጠብቅ ያድራል፤ ጠዋት ላይ ክምችቱ በእጅጉ ቀንሷል። የጡንቻሽ ግላይኮጅን ግን በእንቅልፍ ብዙም አይነካም። የጠዋቱ ምግብ ሥራ ጉበትንና ደምን መደጎም ነው። ጡንቻን የሚሞላው የዓርብ ምሳና እራት ስለሆነ እዚያ ያጎደልሽውን ቁርስ አይተካልሽም።

ከሩጫ በፊት ባሉት ከ1 እስከ 4 ሰዓታት ውስጥ በኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 4 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ የተለመደ ምክር ነው፤ ሰዓቱ በቀረበ ቁጥር መጠኑ ያንሳል። አንቺ አንድ ሰዓት ተኩል ስላለሽ 1.2 ግራም መርጫለሁ፦ 1.2 × 60 = 72 ግራም። ስቡ ከ5 ግራም፣ ፕሮቲኑ ከ10 ግራም፣ አሰሩ ከ5 ግራም እንዳይበልጥ።

ሳህኑ ላይ የሚቀመጠው ይህ ነው፦

ሁለት ቁራጭ ነጭ ዳቦ (60 ግራም)፦ ካርቦሃይድሬት 29፣ ፕሮቲን 5፣ ስብ 2 ግራም
አንድ የበሰለ ሙዝ (ተልጦ 120 ግራም)፦ ካርቦሃይድሬት 27፣ ፕሮቲን 1 ግራም
አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር (21 ግራም)፦ ካርቦሃይድሬት 17 ግራም
ድምር፦ ካርቦሃይድሬት 73፣ ፕሮቲን 6፣ ስብ 2.5፣ አሰር 4.5 ግራም፤ 340 ኪሎ ካሎሪ ገደማ

ሙዙ ልጣጩ ቢጫ ሆኖ ቡናማ ነጥብ የጀመረው ይሁን። አረንጓዴነት ያልለቀቀው ሙዝ ብዙ ስታርች ስላለው ለመፈጨት ይዘገያል፤ ሲበስል ያ ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። ዳቦው ነጭ እንዲሆን ያልኩትም አሰሩን ለመቀነስ ነው። ሙሉ የስንዴ ዳቦሽን ለቀሪው ቀን አቆዪው እንጂ አትተዪው። ማርን የመረጥኩት ግሉኮስና ፍሩክቶስ አብረው ስላሉበት ነው፤ ሁለቱ አንጀትን የሚያልፉት በተለያየ መንገድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ አይጨናነቅም። ቅቤም ሆነ አይብ ዳቦው ላይ አትጨምሪ።

ከምግቡ ጋር 350 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን እየተጎነጨሽ ጠጪ። ቡና የምትወጂ ከሆነ ያለ ወተት አንድ ሲኒ ይበቃል፤ በልምምድ ቀን ጠጥተሽ የማታውቂ ከሆነ ግን ቅዳሜን መሞከሪያ አታድርጊው።

እንቅልፍ ከጣለሽና 30 ደቂቃ ብቻ ከቀረሽ ይህን ሳህን እርሺው። ማሟሟቂያውን ሠርተሽ ልትጨርሺ ስትይ፣ መጀመሪያው ዙር 10 ደቂቃ ሲቀረው፣ ማሩን ከጥቂት ውኃ ጋር ብቻ ውሰጂ። አንዳንድ ሯጮች ስኳር ወስደው ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ዝም ብለው ሲቆዩ ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ስለሚወርድ ሩጫውን ደክሟቸው ይጀምራሉ። ሰውነት ከሞቀ በኋላ ሲወሰድ ይህ ብዙም አያጋጥምም።

ሐሙስ በቀላሉ ሩጫሽ ቀን ይህንኑ ምግብ በዚያው ልዩነት በልተሽ ሞክሪው። ሆድሽ ከከበደሽ አንዱን የዳቦ ቁራጭ እንቀንሳለን፤ 58 ግራም ገደማ ይቀርልሻል፣ ለጅምሩ ይበቃል። ከከበደሽ ይልቅ ከራበሽ ግማሽ ማንኪያ ማር እንጨምራለን፤ ዳቦውን አንነካም። የተሰማሽን ሐሙስ ማታ ጻፊልኝ፣ ዓርብ የመጨረሻውን መጠን እልክልሻለሁ።