የአልጋ 4 ርክክብ፦ ከሌሊት ማስታወሻ ወደ ሁኔታ፣ ዳራ፣ ግምገማና ምክረ ሐሳብ

ደሴ፣ የወሊድ ክፍል። ከሌሊት ተረኛ ለቀን ተረኛ፣ ከጠዋቱ 1:45

ሲስተር፣ ሌሊቱን በደብተሬ የያዝኩት ይህ ነው፦

«አልጋ 4፣ የ26 ዓመት እናት፣ ሁለተኛ ወሊድ። ከሐይቅ አካባቢ በአምቡላንስ ተልካ መጣች። ማታ 4:20 በሰላም ተገላገለች፣ ሴት፣ 2.4 ኪሎ። ደም ብዙ አልፈሰሳትም፣ ማህፀኗ ጠንክሯል። 9:15 ማግኒዚየም ተሰጣት። ሕፃኗ ጠብታለች። ንጋት 12 ሰዓት ግፊት 160/105፣ ኒፌዲፒን ወሰደች። አማቷ አጥሚት ይዘው መጥተዋል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። 1:15 ሽንት 70፣ ማግኒዚየም አልሰጠሁም። ሐኪም ተደውሏል።»

ሁሉም እውነት ነው። ግን በሰዓት ቅደም ተከተል ስለተያዘ አስጊው ነገር መጨረሻ ላይ ቀርቷል። ዙር ከመጀመሩ በፊት በቀጥታ እንድታገኚው እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ሁኔታ

አልጋ 4 ያለችው እናት የማግኒዚየም መመረዝ እየጀመራት ይመስለኛል። ባለፉት 4 ሰዓታት የሸናችው 70 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ቢያንስ 120 መሆን ነበረበት። የ1:15ቱን መርፌ ይዤዋለሁ፣ አልተሰጠም። ሐኪም አሁኑኑ አልጋው ድረስ መጥቶ ሊያያት ይገባል።

ዳራ

ኤክላምፕሲያ ነው። ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ጊዜ አንቀጠቀጣት። እዚያው ማግኒዚየም 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም በጡንቻ ተሰጥቷት ተላከች። እኛ ጋ ስትደርስ ግፊቷ 180/115፣ ፕሮቲኗ +3 ነበር። ሃይድራላዚን 5 ሚሊ ግራም ወስዳለች። ከዚያ ማግኒዚየም 5 ግራም በጡንቻ ማታ 1:15፣ 5:15 እና ሌሊት 9:15 ተሰጣት። እስካሁን በጠቅላላው 29 ግራም ነው። ከመጣች ወዲህ አላንቀጠቀጣትም። ትናንት የተላከው ፕላትሌት 112,000 ነበር። የክሬያቲኒን ውጤት ገና አልመጣም። የሚታወቅ የመድኃኒት አለርጂ የላትም።

ወሊዱና ሕፃኗ ደህና ናቸው፤ ዝርዝሩ ካርዱ ላይ አለ።

ግምገማ

1:30 ላይ ግፊት 150/100፣ የልብ ምት 88፣ ትንፋሽ በደቂቃ 16፣ ኦክሲጅን ያለ ድጋፍ 94። ሌሊት 9:15 ላይ ትንፋሿ 18፣ ያለፉት 4 ሰዓታት ሽንቷ 160 ነበር፤ ጉልበቷን ስመታ እግሯ ወዲያው ይዘል ነበር። አሁን ግን ሁለቱንም ጉልበት ደጋግሜ መታሁ። ጡንቻዋ ይንቀሳቀሳል፣ እግሯ ግን አይነሳም ማለት ይቻላል።

አማቷ «ደክሟት ነው፣ ትተኛ ልጄ» ይላሉ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን በድካም ብቻ አልተውኩትም። ስጠራት ዓይኗን ትከፍታለች፣ ትመልስልኛለች፣ ንግግሯ ግን ይጎተታል።

የካቴተሩን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቻለሁ። አልታጠፈም፣ ፊኛዋም ባዶ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሯል። ማግኒዚየም የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ሽንት ሲቀንስ መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀማል። የሽንቱ ቀለምና የፕላትሌቱ መውረድ ደግሞ ሄልፕን ያስጠረጥሩኛል። ይህን ማረጋገጥ የሐኪሙ ነው።

ምክረ ሐሳብ

ማግኒዚየም ሐኪም አይቶ እስኪወስን እንዳይሰጣት። ከወሊድ በኋላ ያለው 24 ሰዓት የሚሞላው ዛሬ ማታ 4:20 ስለሆነ፣ መቀጠል አለመቀጠሉን በጽሑፍ ይዘዝልሽ።

ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም፣ ማለትም የ10 በመቶው 10 ሚሊ ሊትር፣ ከሲሪንጅ ጋር ራስጌዋ ላይ አስቀምጫለሁ። ከዚያ አይነሳ። የጉልበት ምላሿ ከጠፋ ወይም ትንፋሿ ከ12 በታች ከወረደ በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ በ10 ደቂቃ ይሰጣል። አምቡ ባግና ኦክሲጅን ዝግጁ ናቸው።

ትንፋሽ፣ ኦክሲጅንና ጉልበት በየ15 ደቂቃ፣ ሽንት በየሰዓቱ። ሽንት አነሰ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈሳሽ እንዳይለቀቅባት፤ ሳንባዋ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ክሬያቲኒኑን ላብራቶሪ ድረስ ሰው ልከሽ አስመጪው። ፕላትሌት ይደገም፣ የጉበት ምርመራም ይታዘዝ።

ተረኛው ሐኪም በ1:25 ሲደወልለት ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር፤ እንደጨረስኩ እመጣለሁ ብሏል። 2:15 ድረስ ካልመጣ ወደ ሲኒየሩ ደውዪ።

አጥሚቱ ይቆይ። በደንብ እስክትነቃ በአፍ ምንም አይሰጣት። ለአማቷ ምክንያቱን ነግሬያቸው ተረድተዋል፤ አንቺም እንደገና አስረጃቸው፣ የወላድ ነገር ሆኖባቸው ቀመስ ሊያደርጓት ይችላሉ።

አሁን አብረን አልጋው ጋ ሄደን ጉልበቷን አንቺ ራስሽ ምቺው። ከዚያ የተያዘውን መድኃኒት፣ የካልሲየሙን መጠንና የ2:15ቱን ስልክ መልሰሽ ንገሪኝ። እስከዚያ ከክፍሉ አልወጣም።