ክፍልፋይን በወረቀት እጥፋት፦ ለ5ኛ ክፍል የሁለት ክፍለ ጊዜ የትምህርት ዕቅድ

የትምህርት ዓይነት፦ ሒሳብ
ክፍል፦ 5ኛ "ለ"፣ 56 ተማሪዎች
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ 1ኛና 2ኛ ክፍለ ጊዜ (80 ደቂቃ)
ርዕስ፦ የክፍልፋይ ትርጉም፣ አቻ ክፍልፋዮች፣ ማወዳደርና መደመር

ለምን በዚህ መንገድ

ባለፈው ዓርብ በሰጠሁት አጭር ፈተና "ከ1/4 እና ከ1/8 የቱ ይበልጣል?" ብዬ ጠይቄ ነበር። ከ56ቱ 31ዱ 1/8 ብለው ጻፉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ 8 ከ4 ይበልጣል። ላዕልና ታህት የሚሉትን ስሞች በቃላቸው ይወጡታል፤ ታህት ሲጨምር ድርሻው እንደሚያንስ ግን በእጃቸው አልነኩትም። ስለዚህ ዛሬ ሰሌዳው ላይ ስሌት አይሠራም። ታህትን አመሳስሎ የመደመር ሕግ ሐሙስ ይመጣል፤ ዛሬ አጥፈው፣ ቆርጠው፣ ቆጥረው ይድረሱበት።

የሚጠበቅ ውጤት

ተማሪዎች 1/2፣ 2/4 እና 4/8 አንድ መጠን መሆናቸውን አጥፈው ያሳያሉ፤ ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮችን በቁስ ያወዳድራሉ፣ ይደምራሉ፤ "ግማሽ" ሲባል "የምን ግማሽ?" ብለው መጠየቅ ይለምዳሉ።

መርጃ መሣሪያ

ለእያንዳንዱ ተማሪ ካለቀ ደብተር የተገነጠለ ሦስት ቅጠል ወረቀት። ለየቡድኑ 24 ጥሬ ባቄላ በፌስታል (ቆሎ አይሆንም፤ አምና ትምህርቱ ሳያልቅ ቁሱ አልቆብኛል)። አንድ ዳቦ፣ 2 ሜትር ያህል ሲባጎ፣ ስድስት የልብስ መቆንጠጫ፣ አምስት መቀስ። መቀስ ያልደረሰው በማስመሪያ ይቀዳል።

የፊተኛው ዴስክ ወደ ኋላ ዞሮ አራት አራት ይሆናሉ፤ 14 ቡድን።

አንደኛው ክፍለ ጊዜ

*መግቢያ (8 ደቂቃ)።* ዳቦውን ሆን ብዬ አበላልጬ እቆርሳለሁ። ትልቁን ለአንዱ፣ ትንሹን ለሌላዋ ሰጥቼ "በሉ፣ ግማሽ ግማሽ ደርሷችኋል" እላለሁ። ክፍሉ መንጫጫቱ አይቀርም። ጫጫታውን አላቆምም፤ "ምን ጎደለው?" ብዬ "እኩል" የሚለው ቃል ከእነሱ አፍ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። ሲወጣ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም።

*እጥፋት (20 ደቂቃ)።* የመጀመሪያውን ወረቀት አንዴ ያጥፋሉ፣ ይገልጣሉ፤ 2 ክፍል። መልሰው አጥፈው እንደገና ሁለት ያጥፉት፤ 4። ሦስተኛውን ካጠፉ በኋላ ግን አይገልጡትም። "ስንት ይሆናል?" ብዬ ግምታቸውን ደብተር ላይ አስጽፋለሁ። ብዙዎቹ 6 ይላሉ፤ 2፣ 4፣ 6 እያሉ ስለሚቆጥሩ። አላርምም። ገልጠው 8 ሲቆጥሩ ወረቀቱ ራሱ ያርማቸዋል። ከዚያ "አራተኛውስ?" 16 ያለ ልጅ ለምን እንደሆነ ለቡድኑ ያስረዳ፤ እያንዳንዱ እጥፋት ያሉትን ክፍሎች በሙሉ ለሁለት ይሰነጥቃል።

አሁን ግማሹን በእርሳስ ያጠቁሩ። አንዴ ሲታጠፍ የጠቆረው 1 ከ2 ነው። ሁለቴ ታጥፎ ሲገለጥ 2 ከ4፣ ሦስቴ 4 ከ8። እዚህ ላይ አልቸኩልም። "ጥቁሩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?" ብዬ አራት አምስት ልጆችን እጠይቃለሁ፣ በተለይ ከኋላ ያሉትን። የተጨመረው መስመር ብቻ ነው፤ የጠቆረው ቦታ አልተነቃነቀም። ሰሌዳው ላይ 1/2 = 2/4 = 4/8 የሚጻፈው ይህን ራሳቸው ካሉ በኋላ ነው፤ "አቻ ክፍልፋዮች" የሚለው ስምም እንደዚሁ።

በዚያው ወረቀት አንድ ሩብና አንድ ስምንተኛ ጎን ለጎን ያሳያሉ። የዓርቡ ጥያቄ እዚህ ይመለሳል።

*ሩብ በሦስት መልክ (12 ደቂቃ)።* ሁለተኛው ወረቀት ማዕዘኑ ተጣጥፎ ትርፉ ሲቀደድ አራት ጎኑ እኩል ይሆናል። በየቡድኑ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ሦስት ወረቀቶች ይዘጋጁ፤ አንዱ በቁመቱ ብቻ ሁለቴ፣ አንዱ በመስቀል፣ አንዱ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቴ ይታጠፍ። ሦስቱም አራት እኩል ክፍል ወጣቸው። አንዱ ረጅም ቅዳጅ፣ አንዱ ካሬ፣ አንዱ ሦስት ማዕዘን። "የማን ሩብ ይበልጣል?"

ረጅሙ ይበልጣል የሚሉ ይኖራሉ። ይከራከሩ። ከዚያ ረጅሙን ሩብ መሐል ለመሐል ቆርጠው ሁለቱን ቁራጮች ካሬው ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ልክ ይገጥማል። ሦስት ማዕዘኑም ከጫፉ እስከ ረጅሙ ጎን መሐል ተቆርጦ ሲገጣጠም ካሬውን ይሸፍናል። የማይገጥምለት ቡድን ካለ ሦስቱ ወረቀቶች ከመጀመሪያውኑ እኩል እንዳልነበሩ ይታይ፤ ያም ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ

*ሲባጎ (7 ደቂቃ)።* ሁለት ልጆች ዳርና ዳር ይይዙታል፤ አንዱ ጫፍ 0፣ ሌላው 1። አጥፈው መሐሉን አግኝተው መቆንጠጫ ይሰኩ፣ ከዚያ ሩቦቹን። 2/4 ሲባል ቦታው ቀድሞ እንደተያዘ ያያሉ። በፍጥነት ይታለፍ።

*የደብተር መስመር (20 ደቂቃ)።* ሲሶ ማጠፍ ለልጅ እጅ ያስቸግራል፤ ሁለት ሰፊ አንድ ጠባብ ሆኖ ይወጣል። መላው የደብተሩ መስመር ነው። ከሦስተኛው ወረቀት 24 የመስመር ክፍተት ይቁጠሩና ትርፉን ይቁረጡ (ካልሞላ 12 ይበቃል፤ ያኔ ቁጥሮቹ በግማሽ ይቀንሳሉ)። 24 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6ና ለ8 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ግማሹ 12 መስመር፣ ሲሶው 8፣ ሩቡ 6 ነው። "ሲሶ" እና "እርቦ" የሚሉትን ቃላት ከአያቶቻቸው የሰማ ልጅ ካለ ይናገር፤ የእርሻ ድርሻ የሚከፈለው በእነዚህ ነበር።

ጥያቄ፦ 1/2 እና 1/3 ተደምረው ስንት? አብዛኛው 2/5 ይላል። ያጥቁሩት፤ 12 መስመርና 8 መስመር፣ 20 ከ24። አራት አራት መስመር እያደረጉ ሲያጥፉት 5/6 ይሆናል። 2/5 ግን ከግማሽ እንኳ ያንሳል፤ "ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት ከግማሽ አነሰ?" ብዬ ጥያቄውን ትቼው እዞራለሁ። ቀድሞ የጨረሰ ቡድን 1/4 + 1/3 ይሥራ (14 መስመር፣ 7/12)።

*ባቄላ (8 ደቂቃ)።* ለ7 ቡድኖች 6 ባቄላ ብቻ አስቀርቼ የቀረውን እሰበስባለሁ፤ ሌሎቹ 24ቱን ይይዛሉ። ባለ 6ቱ ግማሹን፣ ባለ 24ቱ ሩቡን ያንሡ። ግማሽ ያነሣው 3፣ ሩብ ያነሣው 6 ያዘ። "ቲቸር፣ ግማሽ ከሩብ ይበልጣል አላልንም?" የሚል ልጅ ከመጣ የዕለቱ ትልቁ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ለክፍሉ መልሼ እሰጣለሁ። ሙሉው ካልተመሳሰለ ድርሻን ማወዳደር አይቻልም።

*ምዘና (5 ደቂቃ)።* በቁራጭ ወረቀት፣ ስም ተጽፎ፦ (ሀ) ከ1/6 እና ከ1/8 የቱ ይበልጣል? በሥዕል አሳዩ። (ለ) ወረቀት አምስት ጊዜ ግማሽ ለግማሽ ብናጥፈው ስንት ክፍል ይኖረዋል?

በ(ሀ) ሁለቱን ሥዕሎች በተለያየ መጠን የሚሥል ይኖራል። እነዚያን ለይቼ ሐሙስ ጠዋት ከባቄላው ጋር ፊት ዴስክ አስቀምጣለሁ።

የቤት ሥራ

ሳህን ወረቀት ላይ ደፍተው ዙሪያውን ሥለው ክቡን ይቁረጡ። መጀመሪያ ግማሽ ያጥፉት፤ ከዚያ ግማሹን ሲሶ ሲሶ አድርገው ያጥፉ። ሲገለጥ ስንት ክፍል ወጣው? እንጀራ ቢሆን ለሦስት ሰው ሲካፈል ለአንዱ ስንት ስንት ይደርሰዋል? ክቡን ሳይጨማደድ ደብተር ውስጥ አድርገው ሐሙስ ይዘው ይምጡ።