የሞባይል ገንዘብ ገበያ ከአዳማ ሲታይ፦ የአምስቱ ኃይሎች ትንተና

ለቁጠባና ብድር ዩኒየናችን ቦርድ

ቦርዱ ያነሳው ጥያቄ አጭር ነው። የራሳችንን ዋሌት እናውጣ ወይስ የሌላ ድርጅት ወኪል ሆነን እንሥራ? መልስ ለመስጠት የሃርቫርዱ ምሁር ማይክል ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው፣ በአንድ ገበያ ማትረፍ ምን ያህል እንደሚከብድ በሚመዝነው የአምስቱ ኃይሎች ዘዴ ተጠቅሜያለሁ። ነጥቡ ከ5 ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ገበያው ውስጥ ላለ ድርጅት ይከፋል።

የአቅራቢዎች ኃይል፦ 5

ትልቁ ራስ ምታት እዚህ ነው። ዋሌት ያለ ኔትወርክ አይንቀሳቀስም። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ የሚይዙት ተራ ስልክ ነው። መተግበሪያ ሠርተን ብናቀርብላቸው አይከፍቱትም። የለመዱት እንደ ቴሌብር *127# አጭር ቁጥር መደወል ነው። ያንን መስመር የምናገኘው ደግሞ ከቴሌኮም ነው። ያሉት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ዋሌት አላቸው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፣ ሳፋሪኮም ኤምፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም.። መስመር የሚሸጥልን ተፎካካሪያችን ነው ማለት ነው። ነገ ዋጋ ቢጨምርብን ለማን አቤት እንላለን?

ባንኮችም እንዲሁ ናቸው። በዋሌት ያለው የደንበኛ ገንዘብ በሙሉ ባንክ መቀመጥ አለበት። ከሌላ ተቋም ጋር የሚያገናኘን ኢትስዊችም የባንኮች ንብረት ነው። እነሱም የየራሳቸው መተግበሪያ አላቸው።

ወኪሎችንም ከአቅራቢ ነው የምቆጥራቸው፤ ጥሬ ገንዘብ የሚያቀርቡት እነሱ ናቸውና። አንድ በአንድ ሲታዩ አቅም የላቸውም፤ ሲያኮርፉ ግን ሥራው ይቆማል። መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ወኪል ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስልክ ደርድሮ ይሠራል። የጅቡቲ መስመር ሾፌር አበሉን ሊያወጣ ሲመጣ «ካሽ የለም፣ ከሰዓት ተመለስ» ይለዋል። ቆይቶ ሌላው ስልክ ጠራ። ኮሚሽኑ የሚሻለው ድርጅት ነበር። ለዚያ ካሽ ተገኘ።

የደንበኞች ኃይል፦ 3

እዚህ ጋ «ደንበኛ» ብሎ በጅምላ መናገር ያሳስታል። ላኪና ተቀባይ በፈለጉት ሰዓት ዋሌት ይቀይራሉ። ሁለት ሦስት ዋሌት መያዝ ምንም አያስወጣም። ክፍያ ሲጨምር ሰው ወዲያው ይሸሻል። በዚህ በኩል ኃይላቸው ትልቅ ነው።

ሾፌሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ነው። ማደያው በሚቀበለው ዋሌት ወይም ባንክ ይከፍላል እንጂ አይመርጥም። አዳማ ደግሞ የሾፌር ከተማ ናት። ከእኛ ዋሌት ነዳጅ መቅዳት ካልቻለ ገንዘቡን እኛ ጋ አያቆየውም።

ትክክለኛ ተደራዳሪ ነጋዴው ነው። በርካታ ሱቆች በር ላይ ካርቶን ተለጥፏል፤ በ1000 የሚጀምር የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፎበታል። ባለሱቁ ደንበኛው ሲልክለት ስልኩን አየት አድርጎ «ገብቷል» ይላል፤ አለቀ። ይህን ሰውዬ በነጻ ከሚያገኘው ነገር ለማስነሳት ብዙ መክፈል ይጠይቃል።

የአዲስ ተፎካካሪዎች ስጋት፦ 2

በወረቀት ሲታይ በሩ ክፍት ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆነ ድርጅትም በ50 ሚሊዮን ብር ካፒታል ፈቃድ እንዲጠይቅ ፈቀደ። ካቻን የመሰሉ የግል ድርጅቶችም ገብተዋል። ግን ፈቃድ ማግኘትና ገበያ ማግኘት ለየቅል ናቸው። ሳፋሪኮም ለሞባይል ገንዘብ ፈቃዱ ብቻ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ያንን ከፍሎም የገባው ቴሌብር ሁለት ዓመት ከቀደመው በኋላ ነው። ሰው ወዳጁ በሌለበት ዋሌት ምን ይሠራል?

ዝቅተኛ ነጥብ መልካም ዜና ይመስላል። ለነባሮቹ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም፤ በሩ ላይ የቆምነው እኛ ነን። የገንዘብ አቅም ያላቸው የውጭ ባንኮች በ2017 ዓ.ም. በወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ መሠረት መግባት ስለሚችሉ ነጥቡ ወደፊት ከፍ ሊል ይችላል።

የቀሩት ሁለቱ

የነባሮቹ ፉክክር 4 ነው፤ ዋናው መሣሪያ ቦነስና ነጻ ዝውውር ነው። የምትክ ስጋት 4 ነው። ምትኩም ካሽና ከላይ ያልኩት ካርቶን ነው።

ምክሬ

የራሳችንን ዋሌት አናውጣ። አቅራቢው 5 በሆነበት ገበያ 50 ሚሊዮን ብር ማሰር የአባላትን ገንዘብ ማስያዝ ነው። ይልቅ በወኪልነት ከሁለት ድርጅት ጋር እንዋዋል። ከአንዱ ጋር ብቻ ብንዋዋል ኮሚሽኑን ሲቀንስ የምናስፈራራበት ነገር አይኖረንም። በድርድሩ የምናቀርበው ጉልበት የአባላት ቁጠባና የቅርንጫፎቻችን ጥሬ ገንዘብ ነው፤ «ከሰዓት ተመለስ» የማይል ወኪል አዳማ ውስጥ ይፈለጋል። ብቸኛ ወኪልነት የሚጠይቅ ውል ከቀረበ፣ ቦርዱ ሳይፈርም ወደ እኔ ይላከው።