ሥዕል 4፦ የብር እና የዶላር ምንዛሪ ተመን፣ ከ2009 እስከ 2024 (እ.ኤ.አ.)

መስመሩ ወደ ላይ ሲወጣ ብር እየተዳከመ ነው። ቋሚው ዘንግ የሚለካው 1 የአሜሪካ ዶላር በስንት ብር እንደሚገዛ ነውና የቁጥሩ ማደግ የብርን መጠንከር አያሳይም። ዘንጉ ከ0 እስከ 140 ይሄዳል፤ በአግድም መስመሮቹ መካከል 20 ብር አለ። አግድሙ ዘንግ ወራትን ይዟል፤ ዓመቶቹ የተጻፉት በየጥር (ጃንዋሪ) ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የወሩ መጨረሻ ቀን የባንክ ተመን እንጂ የወሩ አማካይ አይደለም። በአማካይ ቢሆን ኖሮ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (ጁላይ 29፣ 2024) የመጣው ለውጥ የወሩን የመጨረሻ ሦስት ቀን ብቻ ስለሚነካ በጁላይ ነጥብ ላይ እምብዛም አይታይም ነበር። የጥቁር ገበያው ዋጋ ሥዕሉ ውስጥ የለም።

ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በ2024ቱ ዝላይ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ተመኑ ከ57.5 ገደማ ወደ 74.7 ወጣ፤ 17 ብር ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2010 ከ13.6 ወደ 16.35 የተደረገው ማስተካከያ ግን ከ3 ብር በታች ስለሆነ ከጎኑ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በመቶኛ ሲሰላ ልዩነቱ ይጠባል፦ የዶላሩ ዋጋ በ2010 በ20 ከመቶ፣ በ2024 በ30 ከመቶ ጨመረ። ስለዚህ ዝላዮችን በብር አታወዳድሩ። ሌላው የተለመደ ስህተት «ብር 30 ከመቶ ወደቀ» ብሎ መጻፍ ነው። 57.5ን ለ74.7 ስታካፍሉ 0.77 ታገኛላችሁ፤ የብር ዋጋ የቀነሰው 23 ከመቶ ነው። ፈተና ላይ የየትኛውን ገንዘብ ዋጋ እንደምትለኩ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ለዚህ ኮርስ ዋናው ግን ዝላዩ ሳይሆን በዝላዮቹ መካከል ያለው ለስላሳ ዳገት ነው። ከሴፕቴምበር 2010 እስከ ኦክቶበር 2017 ተመኑ ከ16.35 ወደ 23.4 ቀስ ብሎ ወጣ፤ በዓመት 5 ከመቶ ገደማ። ያ ፍጥነት በቂ ነበር? ሥዕሉ ብቻውን አይመልስም፤ የዋጋ ንረት ያስፈልጋል። የምንሠራበት ቀመር ይህ ነው፦

```
ε = e × P* / P
```

ε እውነተኛው የምንዛሪ ተመን፣ e ሥዕሉ ላይ ያለው ተመን፣ P* የውጭ፣ P የአገር ውስጥ ዋጋ ነው። ለአብነት e በ5 ከመቶ፣ P* በ2፣ P በ10 ከመቶ ቢያድጉ ε በ3 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ተመኑ ብር እየተዳከመ መሆኑን እያሳየ፣ የእኛ ዕቃ ግን ለውጭ ገዢ እየተወደደ ይሄዳል ማለት ነው። በ2011 የአገር ውስጥ ንረት ከ30 ከመቶ በላይ ስለነበር ክፍተቱ ከዚህ ምሳሌ በእጅጉ ይሰፋል። በ2017 ተመኑን በአንድ ጊዜ 15 ከመቶ ማስተካከል ያስፈለገው እንዲህ ያለው ክፍተት በመጠራቀሙ ነው።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ቋሚውን ዘንግ ወደ ሎጋሪዝም ቀይራችሁ ሥዕሉን እንደገና ሥሩ፣ ከዚያም የ2010–2017ን እና የ2017–2024ን ዳገት አነጻጽሩ።